ያቺ ነገር እንዴት ሆነች? በአጭር መልእክት ውስጥ ትሕትናንና ቅሬታን ስለ ማንበብ



ዛሬ ሦስት አጫጭር የስልክ መልእክቶችን አብረን እናነባለን። መልእክቶቹን ለዚህ ንግግር ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ የማንም ሰው አይደሉም። ነገር ግን በእሸት ቡና ወቅት እዚህ ኮቸሬ፣ ፍስሐ ገነት ውስጥ በንግዱ ያለፈ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ወይ ጽፏል ወይ ደርሶታል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው እንበል። አንድ የቡና አቅራቢ ከገበሬ እሸት ቡና እየሰበሰበ በማጠቢያ ጣቢያው ያጥባል፤ አድርቆም አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ ያስረክባል። ነጋዴው በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ለዓመታት አብረው ስለሠሩ «ጋሼ» ነው የሚለው። ከተረከበው ቡና ላይ የቀረ ሂሳብ አለ። ነጋዴው በሕመም ቤት ውሏል፤ ስልኩን የያዘው ውጭ ሀገር ተወልዶ ያደገ ልጁ ነው። ልጁ የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ ስለማይችል የሚደርሰውን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ እየገለበጠ ያነባል። የመጀመሪያው መልእክት ይህ ነው፦

«ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ያቺ ነገር እንዴት ሆነች? ገበሬው ትንሽ አስቸገረን። ካልተመቸዎት ግን ግድ የለም።»

ልጁ ቃል በቃል ተተርጉሞ ያገኘው ምንድን ነው? አንድ ሰው ሰላምታ አቅርቧል። ስለ አንድ ስሙ ስላልተጠራ ነገር ጠይቋል። ገበሬዎች ትንሽ እንዳስቸገሩት ተናግሯል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ካልተመቸ ግድ እንደሌለው በራሱ አፍ ገልጿል። እንግዲህ ልጁ ለዚህ መልእክት ቢመልስም ባይመልስም ለውጥ ያለ አይመስለውም። ትርጉሙ ውስጥ የተሳሳተ ቃል የለም፤ ሆኖም የመልእክቱ ጉዳይ አልደረሰውም። ጉዳዩ «ገንዘቤን ይክፈሉኝ፤ ዛሬ ነገ የማይባል ደረጃ ላይ ነኝ» የሚል ነው።

ይህ ጉዳይ የት ተቀመጠ? ከጫፍ ጀምረን እንፈልገው።

«ያቺ ነገር» የሚለውን ተመልከቱ። ገንዘብ የሚባል ቃል በመልእክቱ ውስጥ የለም። ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ስላለ ስሙ ሳይጠራ ይታወቃል፤ ስሙ አለመጠራቱ ራሱ ዕዳ መሆኑን ይናገራል። ስለ ጆንያ ወይም ስለ መኪና ቢሆን ኖሮ ጆንያ፣ መኪና ብሎ ይጽፍ ነበር። ከዚያም «ያ ነገር እንዴት ሆነ» አላለም፤ በሴት አንቀጽ አድርጎታል። አማርኛ ግዑዝን ነገር በሴት አንቀጽ ሲጠራ ማሳነሱ ወይም ማቆላመጡ ነው፤ «ይቺን ወንበር አቀብለኝ» እንደምንለው። ምናልባት የአንድ ወቅት ትርፉን በሙሉ የሚያህል ሂሳብ በአንዲት «ቺ» ትንሽ ተደርጎ ቀረበ። እንግሊዝኛ ይህን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ትርጉሙ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

«ገበሬው ትንሽ አስቸገረን» የሚለውን ለመስማት ደግሞ የቡናውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ለልጁ ግን ያስፈልጋል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ሳይታሰብ መብላላት ይጀምራልና ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ አቅራቢው ከገበሬው የሚገዛው በየቀኑ ነው። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ስለሚገባበት የሚወጣው ገንዘብም ብዙ ነው። ጥሬ ገንዘብ ከእጁ ሲያልቅ በዱቤ መረከብ ይጀምራል፤ ዱቤው ሲከማች ገበሬው በሩ ላይ ይቆማል፤ ሌላ ገዢ ካገኘም ነገ ቡናውን ወደዚያ ይወስዳል። «ትንሽ አስቸገረን» ማለት እንግዲህ ይህ ሁሉ ማለት ነው። ጸሐፊው ግን ግፊቱን ከራሱ ላይ አውርዶ ገበሬው ላይ አደረገው። «እኔ አልጨቀጭቅዎትም፤ እኔን የሚጨቀጭቀኝ ሌላ ነው» እያለ ነው። «አስቸገረኝ» ሳይል «አስቸገረን» ማለቱም በምክንያት ነው፤ ችግሩን የነጋዴውም አድርጎ አካፈለው።

የመጨረሻው «ካልተመቸዎት ግን ግድ የለም» የሚለው ነው። ይህ ፈቃድ አይደለም። ለተጠያቂው መውጫ በር መተው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ይህን አንብቦ «ደግ ነው፣ ግድ ከሌለው ልተወው» አይልም። እንዲያውም በሩ የተከፈተለት ከክብሩ የተነሳ መሆኑን ስለሚያውቅ በዚያ በር መውጣት ያሳፍረዋል። ልጁ ግን በሩን ክፍት አገኘውና ወጣ።

ስለ ትሕትና ብዙ የጻፉት ፔነሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ በኋላም በ1987 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኖ በወጣው፣ የሜክሲኮውን ጼልታልን፣ የደቡብ ሕንዱን ታሚልንና እንግሊዝኛን አነጻጽረው ነበር። የሰው ልጅ ልመናውን የሚያለሰልስበት መጠን በሦስት ነገሮች ይወሰናል ይላሉ፦ በሁለቱ ሰዎች መካከል ባለው ቅርበት ወይም ርቀት፣ ማን በማን ላይ የበላይነት እንዳለው፣ የሚጠየቀውም ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ። እኛም ፊት ነሳኝ፣ ፊት ሰጠኝ ስንል ኖረናልና ሐሳቡ እንግዳ አይሆንብንም። እኔ ከዚህ የምወስደው ግን አንድ የንባብ ዘዴ ነው። ሦስቱን ነገሮች አውቀን ትሕትናውን መገመት ከቻልን፣ ትሕትናውን አይተን የማናውቀውን ሦስተኛ ነገር መገመትም እንችላለን። እነዚህ ሁለት ሰዎች ቅርብ ናቸው፤ ማን እንደሚበልጥም ይታወቃል። በመካከላቸው «ጆንያ ይላኩልን» ለማለት አንድ መስመር ይበቃል። አንዲትን ጥያቄ በሰላምታ፣ በማሳነስ፣ በሌላ ሰው ላይ በማላከክና በመውጫ በር ከብቦ ከጻፈ፣ ጥያቄው ከባድ ነው ማለት ነው። ልጁ ማወቅ የነበረበት ይህን ነበር፦ መልእክቱ የለሰለሰው ጉዳዩ ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ሁለተኛው መልእክት ከሳምንት በኋላ ይመጣል፦ «ጋሼ ደህና ነዎት? ምነው ድምፅዎ ጠፋብን?» ይህም ሲተረጎም የናፍቆት ጥያቄ ይመስላል። «ጠፋብን» ውስጥ ያለችው «ብ» ግን ትርጉሙ ላይ አትታይም። «ጠፋ» ዜና ነው፤ «ጠፋብን» ደግሞ መጥፋቱ በእኛ ላይ ጉዳት ሆኖ ደረሰ ማለት ነው። ክፍያው «ዘገየ» እና ክፍያው «ዘገየብን» በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነው ይወጣሉ፤ በአማርኛ ግን አንዱ መግለጫ፣ ሌላው አቤቱታ ነው።

ከዚያም ሦስተኛው፦ «ለአቶ እገሌ። ቀሪውን ሂሳብ እስከ ዓርብ ያስገቡልን።»

እዚህ ላይ ልጁ ይደነግጣል። ባለፈው ግድ የለም ያለ ሰው ቀን ቆርጦ መጣ፤ ጨዋነቱ በአንድ ጊዜ የጠፋ ይመስለዋል። እናንተ ግን እንዳልጠፋ ታያላችሁ። «ያስገቡልን» የአንቱታ ግስ ነው። «አቶ» የክብር መጠሪያ ነው። ስድብ የለም፣ ቁጣ የለም፣ ቃለ አጋኖ እንኳን የለም። በቃላት ብቻ ብንመዝነው ከመጀመሪያው መልእክት ይልቅ ሥርዓት ያለው ይህ ነው። የተቀየረው ርቀቱ ነው። «ጋሼ» «አቶ» ሆነ፤ ሰላምታው ቀረ፤ «ያቺ ነገር» «ቀሪ ሂሳብ» ሆነች፤ መውጫው በር ተዘግቶ በምትኩ ዓርብ ቆመ። ይህ በአማርኛ ከስድብ የሚብስ ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ተሳድቦ መታረቅ ይቻላል፤ «አቶ» የተባለ የትናንት ጋሼ ግን ከቤተሰብነት መውጣቱ ነው የተነገረው።

ለዚህ ነው አንድን መልእክት ለብቻው አንስቶ «ይህ ጨዋ ነው፣ ይህ ባለጌ ነው» ማለት የሚያሳስተው። መለኪያው ያ ሰው ለዚያ ሰው ከዚህ በፊት እንዴት ይጽፍ እንደነበር ነው። ሁልጊዜ «አቶ» ብሎ ለሚጽፍ የቢሮ ሰው «አቶ» ምንም አይናገርም። ሁልጊዜ ያለ ሰላምታ የሚጽፍ ጓደኛ ያለ ሰላምታ ቢጽፍ አልተቀየመም፤ አንድ ቀን «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ቢጀምር ግን እኔ እደነግጣለሁ። ስሜቱ ያለው በለውጡ ላይ ነው፤ ለውጡ ወደ ጨዋነት አቅጣጫ ሊሆንም ይችላል።

የላይኞቹን ሦስት መልእክቶች ስናነብ የተጠቀምንበት ዘዴ ቀላል ነው፤ በማንኛውም መልእክት ላይ ሊሞከር ይችላል። አንዲት ነገር ብቻ አውጥታችሁ ወይም ቀይራችሁ መልሳችሁ አንብቡት። ከመጀመሪያው መልእክት «ካልተመቸዎት ግን ግድ የለም» የሚለውን አውጡና ያው መልእክት ማሳሰቢያ ይሆናል። «ያቺ ነገር እንዴት ሆነች» በሚለው ፈንታ «ሂሳቡ ምን ደረሰ» አድርጉት፤ ገበሬውን ባትነኩትም እንኳ ተጠያቂው ይከፋዋል። አውጥታችሁት ምንም የማይቀየር ከሆነ ያ ቃል ልማድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ብናወጣ ጥያቄው አይከብድም አይቀልም።

አሁን ወደ ግሱ ልመለስ፤ አማርኛ ትሕትናውን የሚያከማቸው እዚያ ነውና። «ብሩን ላክ» ትእዛዝ ነው። «ብሩን ላክልኝ» ላይ የገባችው «ልኝ» ትእዛዙን ለእኔ የሚደረግ ውለታ ታደርገዋለች። «ብሩን ይላኩልኝ» ሲሆን አንቱታ ይጨመራል። «ብሩን ቢልኩልኝ» ሲሆን ደግሞ ትእዛዝነቱ ጨርሶ ይቀርና ፍጻሜ የሌለው ምኞት ይሆናል፤ «ደስ ይለኛል» የሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው፤ የተቆረጠውም ሰሚው ራሱ እንዲሞላው ነው። «ብሩ ቢላክልኝ» ላይ ስንደርስ ላኪው ሰው ራሱ ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል። ማንም አልታዘዘም፣ ማንም አልተለመነም፤ ብር ስለ መላክ ብቻ ተነሳ። አምስቱም በእንግሊዝኛ «ብሩን ላክልኝ» ወይም «እባክህ ብሩን ላክልኝ» ሆነው ሊወጡ ይችላሉ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የሰዋስዋችንና የአጻጻፋችን ጠባይ ነው። የአንቱታ ግስ መልኩ ከ«እነሱ» ግስ ጋር አንድ ነው። «ቢልኩልኝ» የሚለው «እርስዎ ቢልኩልኝ» ወይም «እነሱ ቢልኩልኝ» ሊሆን ይችላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ደግሞ «ይላኩልኝ» ሦስት ሰው ያስተናግዳል፦ ላልቶ ሲነበብ «እርስዎ ይላኩልኝ» ወይም «እነሱ ይላኩልኝ»፤ «ላ» ጠብቃ ስትነበብ ደግሞ «ዕቃዎቹ ይላኩልኝ»። ስንነጋገር ጆሯችን ይለየዋል። ስንጽፍ የሚለየው ከላይ ያለው «ጋሼ» ወይም «ዕቃዎቹ» ነው። አጭር መልእክት ደግሞ መጀመሪያ የሚያስቀረው እንዲህ ያለውን ቃል ነው። ተርጓሚው፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ «እነሱ» የሚለውን መርጦ ከተረጎመው፣ ለአንድ ሽማግሌ የቀረበ ልመና ስለ ሌሎች ሰዎች የተነገረ ወሬ ይሆናል። በትርጉም መልእክት ውስጥ እነማን እንደሆኑ የማይታወቁ «እነሱ» ድንገት ብቅ ካሉ፣ አንቱታ እንደተሳሳተ ጠርጥሩ። በተገላቢጦሽም እንግሊዝኛው አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ከዚያ የተተረጎመ መልእክት አንዲትን አሮጊት «አንተ» ብሎ ሊያናግር ይችላል። ያ ስድብ ሳይሆን ባዶ ቦታ በግምት መሞላቱ ነው።

ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ገደማ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ስሜትን በኮምፒውተር ለመለየት ብርቱ ሥራ ተሠርቷል። እነ ሰይድ ሙሄ ይማም በ2020 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት 9 ሺህ 400 ያህል የትዊተር ጽሑፎችን በቴሌግራም አማካይነት ለሰዎች አቅርበው፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ሰው እንዲፈርድበት አድርገዋል። አንድ ሰው ብቻ አለመፍረዱን ልብ በሉ፤ ስሜት ሲነበብ ሰዎች ስለሚለያዩ ነው። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ጽሑፉ በጎ ነው፣ መጥፎ ነው ወይስ ገለልተኛ ነው ብለው ይጠይቃሉ። ያ ጥያቄ በአደባባይ ለተጻፈ አስተያየት ተገቢ ነው። የእኛ ሦስት መልእክቶች ግን በዚያ ሚዛን ላይ ቢወጡ የመጀመሪያው በጎ፣ ሁለተኛው በጎ፣ ሦስተኛው ገለልተኛ ተብለው ሊያልፉ ይችላሉ፤ ሦስቱም ውስጥ ግን ጭንቀት አለ። ሁለት ሰዎች ከዚህ በፊት ምን እንደተባባሉ የማያይ ሚዛን ይህን ሊይዝ አይችልም።

ጸሐፊውንም ከተጠያቂነት ነጻ አላደርገውም። ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ቁምነገርንና ስላቅን በኢሜይልና በድምፅ እንዲያስተላልፉ አደረጉ። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ እኩል እንደሚረዷቸው ገምተው ነበር። በድምፅ ግምታቸው ብዙም አልራቀም፤ በኢሜይል ግን ተቀባዮቹ የለዩት በዕጣ ከሚገኘው ግማሽ ብዙም አልበለጠም። ምክንያቱ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉን በራሱ ድምፅ እየሰማ መጻፉ ነው። አቅራቢያችንም «ትንሽ አስቸገረን» ብሎ ሲጽፍ የራሱን ትንፋሽ ይሰማዋል፤ ትንፋሹ ግን በስልኩ አያልፍም።

ከተቀባዩ ወገን የሚመጣውን «እሺ» የሚለውን መልስም እንየው። ልጁ ጉዳዩን ለአባቱ ነግሮት አባትየው «እሺ፣ እናያለን» ብሎ ቢያስመልስ፣ ትርጉሙ ስምምነት ነው። ፍስሐ ገነት ያለው አቅራቢ ግን አንብቦት አይደሰትም። «እሺ» ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ነው፤ «እናያለን» ሲከተለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለዛሬ አይሆንም ማለት ነው፣ ፊት ሳይነሳ የተነገረ። ቃል ኪዳን የሆነውን «እሺ» ለመለየት እኔ የምመለከተው ጠያቂው ያላለው ነገር በመልሱ ተጨምሮ እንደሆነ ነው። «እሺ፣ ማክሰኞ ግማሹን አስገባለሁ» ካለ ቀኑንም መጠኑንም ራሱ አመጣ፤ ይህ መልስ ነው። የጠያቂውን ቃል ብቻ መልሶ ካስተጋባ፣ ወይም ምርቃት ብቻ ከላከ፣ ገና አልተመለሰም።

ለልጁ መልእክቱን የሚተረጉምለት ሰው ቢኖር ምን ይሥራ? ቃሉን እንዳለ ይስጠው፤ ከሥሩ ግን ጉዳዩን በአንድ መስመር ይጨምርበት፦ «የቀረውን ሂሳብ እየጠየቀ ነው፤ ገበሬዎች ገንዘባቸውን እየጠየቁት ስለሆነ አስቸኳይ ነው፤ አባትህን ስለሚያከብር በቀጥታ አላለውም፤ መልስ ይጠብቃል።» አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህ ከሥልጣናቸው ያለፈ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ይህ መስመር ካልተጨመረ ሥራው ገና እንዳልተጠናቀቀ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እዚህ ጌዴኦ ውስጥ ስናወራ ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጸሐፊው አማርኛን አፉን የፈታበት ሰው እንደሆነ አድርጌ ነው። በዚህ ከተማ ገበያ ላይ ግን ጌዴኦፋ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ይነገራሉ፤ ብዙ ሰው የአማርኛ መልእክት የሚጽፈው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ትልቅን ሰው «ኢሲን» ብሎ ያከብራል፤ ያው ቃል «እናንተ» ማለትም ነው። ይህንኑ ይዞ ወደ አማርኛ ሲመጣ ለአንድ ሽማግሌ «ላኩልኝ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ «ይላኩልኝ» የሚጠብቅ ሰው ጎደለብኝ ይላል፤ ጸሐፊው ግን በራሱ ቋንቋ ሙሉውን ክብር ሰጥቷል። «ያቺ ነገር» የምትለዋን ማሳነስም ከሁለተኛ ቋንቋ ተናጋሪ አትጠብቁ፤ «ያ ገንዘብ» ብሎ ቢጽፍ ኃይለኛ ሆኖ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው የጻፈውን ስታነቡ የግስ መጨረሻ ላይ አትፍረዱ። መጀመሪያ ለሁሉም ሰው እንደዚያ ይጽፍ እንደሆነ እዩ፤ ከጻፈ ያ ልማዱ ነው። ከዚያም ቋንቋ ሲቀየር የማይቀየረውን ፈልጉ፦ ሰላምታው ስንት መስመር ነበር፣ አሁንስ ስንት ነው? የቤተሰብን ጤና ይጠይቅ ነበር፣ አሁንስ ይጠይቃል? ጉዳዩን መጨረሻ ላይ ያመጣ ነበር ወይስ መጀመሪያ? የአንቱታው ግስ ሳይስተካከልለት ዓመታት የጻፈላችሁ ሰው ቅር ሲሰኝ ከመልእክቱ ቀድሞ የሚጎድለው ይህ የቤተሰብ ጥያቄ ነው።